ለዓመታት ላልተነጋገራችሁት ሰው እንዴት ትጽፋላችሁ? ከመጀመሪያው መልእክት እስከ መጨረሻው ምስጋና

ስልካችሁ ውስጥ ያሉትን ስሞች ወደ ታች ብታወርዱ፣ ድሮ አብራችሁ የሠራችሁት፣ አንድ ክፍል የተማራችሁት ወይም ጎረቤታችሁ የነበረ ሰው ማግኘታችሁ አይቀርም። አልተጣላችሁም። አንዳችሁ ሥራ ቀየራችሁ፣ ሌላው ሰፈር ለቀቀ፣ በዚያው ተጠፋፋችሁ። አንድ ቀን ትዝ ይላችኋል። ልትጽፉለት ታስቡና «አሁን ምን ፈልጎ ነው ቢለኝስ» ብላችሁ ስልኩን ታስቀምጣላችሁ።

ይህ መመሪያ ስለዚያ ሰው ነው። ስለተቀያየማችሁት የልብ ጓደኛ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ የማወራው ድሮም ቢሆን ላላ ስላለ ትውውቅ ነው። ሰላም የምትባባሉት፣ ደህና ሰው መሆኑን የምታውቁት፣ ግን ሚስጥራችሁን የማታወሩት ሰው።

እንዲህ ያለው ትውውቅ ቀላል የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን «ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠይቋል። አዘውትረን እናገኘው ነበር ያሉት 17 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበሩ። ከሩብ በላይ የሚሆኑት ሥራውን የሰሙት በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱም የቅርብ ሰዎቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። ራቅ ያለው ሰው ግን ሌላ ቦታ ይውላል፣ ሌላ ወሬ ይሰማል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ይህን ጥቅም የሚያውቅ ሰው የድሮ ሰዎቹን መቁጠር ይጀምራል፤ የሚጻፍላቸውም ይህን ይጠረጥራሉ። ስለዚህ መልእክታችሁን የሚያከብደው ያለፉት ዓመታት ብዛት አይደለም። የሚያከብደው «ለምን አሁን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ለማግኘትና ያንን መልስ ሳይደብቁ ለመጻፍ ናቸው።

1. ሰው ምረጡ

ከሦስት ሰው አትጀምሩ፤ ከአንድ ጀምሩ። ለሃያ ሰው በአንድ ቀን የሚላክ ሰላምታ ያስታውቃል። ሁለቱ ተገናኝተው ቢነጋገሩ ደግሞ ያው መልእክት ለሁለቱም እንደደረሰ ይታወቃል።

መምረጫው ቀላል ነው። ስለዚያ ሰው፣ ለሌላ ለማንም ልትልኩት የማትችሉት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ትችላላችሁ? «ጥሩ ሰው ነበር» አይበቃም፤ እሱን ለማንም መጻፍ ይቻላል። «ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም ሲል አልገባኝም ብሎ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ነበር» ግን የእሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካልመጣላችሁ ሰውየውን ለጊዜው ተዉት። ምናልባት የናፈቃችሁ ዘመኑ እንጂ እሱ አይደለም።

አሁኑኑ ከዝርዝሩ የሚወጡም አሉ። የፍቅር ታሪክ የነበራችሁ ሰው፣ በቅያሜ የተለያችሁት ሰው፣ ባለፈው ጽፋችሁለት ያልመለሰላችሁ ሰው። ገንዘብ የተበዳደራችሁም ከሆነ ሰላምታው ብቻውን አይሠራም። ያለባችሁ እናንተ ከሆናችሁ የመጀመሪያው መልእክት ስለ ዕዳው ይሁን። እሱ ከሆነ ያለበት፣ የቱንም ያህል ከልባችሁ ብትጽፉ «ገንዘቤን» ያላችሁት ነው የሚመስለው።

2. የመጣችሁበትን ነገር ለራሳችሁ ንገሩ

ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አስቡ። ሰውየው «ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል፤ ግን በምንም ነገር ልረዳህ አልችልም» ብሎ መለሰ እንበል። ይህን ስታነቡ ደስታችሁ ይቀንሳል? የሚቀንስ ከሆነ ጥያቄ አላችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ መያዝ ነውር አይደለም። ሰው በሰው ነው የሚኖረው። የሚያስቀይመው መደበቁ ነው። እንዴት እንደሚያስቀይም ከቅርብ እንየው። ሰኞ ዕለት «እንዴት ነህ? ዛሬ ትዝ ብለኸኝ ነው» ትሉታላችሁ። እሱ ደስ ይለዋል። ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አዲሱ ቤቱ፣ ስለ ጀርባ ሕመሙ አሥር መስመር ይጽፍላችኋል። እናንተም ሦስት ልብ ትልኩለታላችሁ። ሐሙስ ዕለት «በነገራችን ላይ እናንተ ጋር ክፍት የሥራ ቦታ አለ እንዴ?» ይመጣል። በዚያች ቅጽበት ሰውየው ወደ ላይ ተመልሶ የሰኞውን ያነበዋል። «ለካ ለዚህ ነው» ይላል። የጻፈው አሥር መስመር ያሳፍረዋል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ቢያስገባችሁ እንኳን ያ ነገር ከልቡ አይወጣም።

ስለዚህ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። ጥያቄ ካላችሁ በመጀመሪያው መልእክት በግልጽ ተናገሩ፤ አጻጻፉን መጨረሻ ላይ አሳያለሁ። ጥያቄ ከሌላችሁ ሰላምታ ብቻ ላኩ፤ ሰላምታም ሆኖ ይቅር። «ዛሬ ሰላም ልበለውና ከሦስት ወር በኋላ እጠይቀዋለሁ» የሚለው ዕቅድ ከሐሙሱ አይሻልም፤ ቀኑ ራቀ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ዛሬ የምታውቁትን ጥያቄ ዛሬ ተናገሩት። ከወራት በኋላ ሳታስቡት የሚመጣ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ያን ጊዜ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

3. ትንሽ አጣሩ፣ ግን አትቆፍሩ

ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ወስዳችሁ ገጹን እዩ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የማታውቁት ሐዘን ወይም ትልቅ ለውጥ መኖሩን። በእነዚህ ዓመታት ሰው ይሞታል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ሥራ ይጠፋል። «ባለቤትህስ ደህና ናት?» የሚለው ደግ ጥያቄ የተፋታን ሰው ያሸማቅቃል፤ ሚስቱን የቀበረውን ደግሞ ያቆስላል። እናትን፣ ልጅን፣ ሥራን በስም እየጠራችሁ አትጠይቁ። «አሁን በምን ላይ ነህ?» ብትሉት እሱ ራሱ ሊነግራችሁ የሚፈልገውን ይመርጣል።

ያያችሁትን ሁሉ ግን አትናገሩ። «የዛሬ ሦስት ዓመት የተነሳኸውን ፎቶ አየሁት» ከተባለ ሰው ይደነግጣል። ሳይታወቃችሁ የድሮ ፎቶ ላይክ አድርጋችሁ እንዳትወጡም ተጠንቀቁ።

4. መልእክቱን ጻፉ

አብዛኛው ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አለች እንበል። ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ከእሷ ብዙ ልምድ ካለው ባልደረባዋ ጋር ሁለት ዓመት ሠርታለች። እሱ አንድ ነገር አስተምሯታል። ሒሳቡ አልገጥም ሲል ልዩነቱን ለ9 አካፍይው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ የሆነ ቦታ ሁለት አኃዝ ተገላብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። 1,630 ተብሎ መጻፍ የነበረበት 1,360 ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 270 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 30 ይሆናል። ሰሞኑን ይህንኑ ለአንድ አዲስ ሠራተኛ ስታሳይ የድሮ ባልደረባዋ ትዝ አላት። መጀመሪያ የጻፈችው ይህ ነው፦

> «ሰላም! ጠፋህ እኮ! እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆች ሰላም ናቸው? ሥራ እንዴት ነው? ሁሌ ልደውልልህ አስባለሁ፣ ግን የሥራ ብዛት ነው፣ በጣም ይቅርታ፣ እኔ ራሴ አፍሬያለሁ። የሆነ ቀን እንገናኝና እናውራ!»

ክፉ ቃል የለበትም። ግን ሰውየው ሆናችሁ አንብቡት። «ጠፋህ እኮ» የሚለው ጥፋቱን ለእሱ ይሰጠዋል፤ የጠፋው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የጥያቄ ናዳ ይወርድበታል፤ ሁሉንም ሊመልስ ቢል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይቅርታው ረዝሟል፤ አሁን «ኧረ ምንም አይደል፣ እኔም ጠፍቻለሁ» እያለ እሷን ማጽናናት አለበት። መጨረሻ ላይ ቀን የሌለው ቀጠሮ አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን «ለምን አሁን?» የሚለው አልተመለሰም። ስለዚህ አንብቦ ሲጨርስ የሚጠብቀው ቀጣዩን መልእክት ነው፤ ጉዳይዋን።

«ሰላም ነው?» ብሎ ብቻ ልኮ መጠበቅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሰውየው ምን እንደመጣበት ሳያውቅ መልስ ማውጣት አለበት።

አሁን ሁለተኛውን እዩት፦

> «ሰላም እገሌ። እገሊት ነኝ፣ ሒሳብ ክፍል ከአንተ ፊት ለፊት እቀመጥ የነበርኩት። ዛሬ አንድ አዲስ ልጅ ሒሳቡ በ270 አልገጥም ብሎት ሲጨነቅ፣ ለ9 አካፍለው አልኩት። ገልብጦ የጻፈውን ቁጥር ወዲያው አገኘው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ትዝ አልከኝና ልነግርህ ፈለግኩ። ከጠፋፋን ቆየን፤ ደህና እንደሆንክ ተስፋ አለኝ። ለመመለስ አትቸኩል።»

ስሟንና ቦታዋን አስቀድማለች፤ ቁጥሯ ከስልኩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥላ ያስታወሳትን ነገር ተናገረች፤ ለዛሬነቱ ምክንያቱ ይህ ነው። ምስጋናው በአንድ ነገር ላይ ያረፈ ነው። «አንተ እኮ በጣም ጎበዝ ነበርክ» ብትለው ኖሮ ሙገሳው ወዴት እንደሚያመራ ይጠረጥር ነበር። የዘጠኙ ነገር ግን እውነት ከመሆን ሌላ የሚያመራበት የለም። ስለ መጠፋፋታቸው «ከጠፋፋን ቆየን» ብላ አልፋዋለች። ጥፋተኛ የለም፣ ይቅርታም የለም። በመጨረሻም መልስ የመስጠትን ጫና አነሳችለት።

አንድ ነገር ሆን ብላ ትታለች። «ምንም የምጠይቅህ ነገር የለኝም» አላለችም። ብዙዎች ይህን ይጨምሩበታል፤ እኔ አልመክረውም። ሰውየው ያላሰበውን ጥርጣሬ ራሳችሁ ታመጡበታላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ከሆነ ማስተባበያ አያስፈልገውም።

አጠራሩ ድሮ እንደነበረው ይሁን። «እርስዎ» ትሉት የነበረውን ሰው ዛሬ በሥራ እኩል ብትሆኑም «እርስዎ» በሉት፤ «ጋሼ» ትሉት ከነበረ አሁንም ጋሼ ነው። እሱ «አንተ በለኝ» እስኪል ጠብቁ። በተቃራኒው «አንተ» የምትባባሉትን ሰው ዓመታት ስላለፉ ብቻ «እርስዎ» ካላችሁት፣ ወዲያው የሆነ ጉዳይ ይዞ የመጣ ባዕድ ትመስላላችሁ።

የሚያስታውሳችሁ ነገር እንደ ዘጠኙ ሥራ ነክ መሆን የለበትም። ያዋሳችሁ መጽሐፍ፣ የሰጣችሁ ምክር፣ አብራችሁ የሳቃችሁበት ቀን ሊሆን ይችላል። ግን እውነት ይሁን፤ የተፈጠረ ትዝታ ይነቃበታል። ርዝመቱም የስልክ መስኮት ሳይነካ የሚነበብ ይሁን፤ ከአምስትና ስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር አይለፍ።

5. በምን ይላክ?

ለመጨረሻ ጊዜ ባወራችሁበት መንገድ ላኩት። በቴክስት ከነበረ በቴክስት፣ በሥራ ኢሜይል ከነበረ በኢሜይል። የግል ቁጥሩን ከሌላ ሰው ተቀብላችሁ ከሆነ፣ ማን እንደሰጣችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ አለበለዚያ ከየት አመጣው ብሎ ያስባል።

ዛሬ ከማያውቁት ቁጥር የሚመጣ «አስታወስከኝ?» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ የአጭበርባሪ ነው። ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ መጠንቀቃቸውም ልክ ነው። ስለዚህ ያቺ የሁለታችሁ ብቻ የሆነች ዝርዝር ሌላም ሥራ ትሠራለች፤ እናንተ መሆናችሁን ታረጋግጣለች። በመጀመሪያው መልእክት ሊንክ አትላኩ፣ ፋይል አታያይዙ፣ «ማን እንደሆንኩ ገምት» አትበሉ። የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክትም ይቅር።

ስለ መደወልስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአሚት ኩማርና የኒኮላስ ኤፕሊ ጥናት ላይ ተሳታፊዎች፣ ለድሮ ወዳጅ መደወል ከመጻፍ ይልቅ ያሳፍራል ብለው ገምተው ነበር። ሲደውሉ ግን እንደፈሩት አልሆነም፤ እንዲያውም ከጻፉት ይልቅ የበለጠ መቀራረብ ተሰማቸው። እኔ የምመክረው ሁለቱን ማያያዝ ነው። ላላ ላለ ትውውቅ መጀመሪያ ጻፉ፤ ድንገት የሚጮህ ስልክ ሰውየውን ሳይዘጋጅ ይይዘዋል። ሞቅ ያለ መልስ ከመጣ ግን ጽሑፉን አታርዝሙ። «ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ደቂቃ ብደውልልህ ይመችሃል?» በሉት።

6. ላኩት

ይህን ራሱን የቻለ እርምጃ ያደረግኩት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚቀር ነው። ላራ አክኒንና ጂሊያን ሳንድስትሮም እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊያገኙት የሚፈልጉት የድሮ ጓደኛና አድራሻው ያላቸውን ሰዎች መልእክት አጽፈዋል፤ ለመላክም ጊዜ ሰጥተዋል። የላኩት ከሦስት አንድ እንኳን አይሞሉም ነበር። አንድ ነገር ግን ረድቷል። ቀድመው ለጥቂት ደቂቃ አሁን ላሉ ጓደኞቻቸው መልእክት እንዲልኩ የተደረጉት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለድሮውም ላኩ።

ስለዚህ መልእክቱን ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁት መጀመሪያ ለሁለትና ሦስት የቅርብ ሰዎቻችሁ የሆነ ነገር ላኩ። ከዚያ እጃችሁ ሳይቀዘቅዝ ወደ ረቂቁ ተመለሱ። አሥር ጊዜ አታስተካክሉት። ስታስተካክሉት ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ያቺው ሕያዋ ዝርዝር ናት።

7. መልስ ሲመጣ፣ ሳይመጣም

መልስ ካልመጣ ዝም በሉ። «አየኸው?» አይባልም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ መላክም አይባልም። መነበቡን የሚያሳየው ምልክት የሚነግራችሁ መልእክቱ መከፈቱን ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኖ አይቶት፣ ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ ብሎ ረስቶት ይሆናል። ከብዙ ወራት በኋላ ሌላ እውነተኛ ምክንያት ከመጣ አንድ ጊዜ መጻፍ ይቻላል። ያኔም ዝም ካለ መልሱ ያው ነው፤ ሰውየውን ተዉት፣ የመጀመሪያውን መልእክትም አታንሱበት።

መልሱ አጭር ከሆነ፣ ለምሳሌ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» ካላችሁ፣ እናንተም አጭር ሁኑ። «ደህና በመሆንህ ደስ ብሎኛል» ብላችሁ ዝጉት። በዚህ ላይ ሦስት ጥያቄ መደርደር በር መግፋት ነው። አጭር መልስ የሰጠ ሰው ተቀይሟል ማለትም አይደለም፤ እንዲሁ የማይጽፍ ሰው አለ።

ሌላው የተለመደ መልስ «ከየት ተገኘሽ! በምን ትዝ አልኩሽ? ምን ልታዘዝ?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጣል። ሰውየው ግን በደግነት በር እየከፈተ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ እንዲህ ብትል ይበቃታል፦ «ምንም አልፈልግም፤ የዘጠኙ ነገር ነው ያስታወሰኝ። አንተ አሁን በምን ላይ ነህ?» አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ መጠበቅ።

ሐዘን ይዞ የሚመጣ መልስም አለ። «ባለቤቴን ካጣኋት ሁለት ዓመት ሆነኝ» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ «ሳልሰማ ቀረሁ፣ እንዴት አፈርኩ» ወደሚል አትሂዱ፤ ነገሩ ስለ እናንተ ይሆናል። «አልሰማሁም ነበር። በጣም አዝናለሁ። ያጽናህ» በሉት። የምታውቋት ከነበረ ስለ እሷ የምታስታውሱትን አንድ ጥሩ ነገር ጨምሩ። እንዴት እንደሞተች አትጠይቁ። በማግሥቱ መደወል ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጠይቁት።

ጨዋታው ከሞቀ ደግሞ የራሳችሁንም ተናገሩ፤ ያማረውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም። ዕድገት፣ ቤትና መኪና ብቻ የሚዘረዝር ሰው ሊታይ የመጣ ይመስላል። «እኔም ባለፈው ዓመት ሥራ ቀይሬ አልሆነልኝም፣ አሁን ግን ተረጋግቻለሁ» ያለ ሰው ግን ለሌላውም ቦታ ይሰጣል። መልሳችሁ ከእሱ መልስ ብዙ አይርዘም። ከሁለትና ሦስት ምልልስ በኋላ ሲቀዘቅዝ ራሳችሁ ዝጉት፦ «ስላወራን ደስ ብሎኛል። ደህና ሁን።» መገናኘት ከልባችሁ ከሆነ ቀን ጥቀሱ። ቀን ለመጥቀስ ካልፈለጋችሁ «እንገናኝ» አትበሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አታጥብቁት። ይህ ሰው የቅርብ ጓደኛችሁ እንዲሆን አይጠበቅም። በየሳምንቱ መጻፍ፣ ግሩፕ ውስጥ ማስገባት፣ ቀልድና ቪዲዮ ማስተላለፍ ያሰለቸዋል። በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ የሚያስታውሳችሁ ነገር በእርግጥ ሲመጣ መጻፍ ለእንዲህ ያለ ትውውቅ በቂ ነው።

8. ጥያቄ ካላችሁ

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንምጣ። ያቺው ሒሳብ ሠራተኛ ባልደረባዋ ወደሚሠራበት ድርጅት ማመልከት ፈልጋለች እንበል። እንዲህ ትጽፋለች፦

> «ሰላም እገሌ። እገሊት ነኝ፣ ሒሳብ ክፍል ከአንተ ፊት ለፊት እቀመጥ የነበርኩት። ከዓመታት በኋላ የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። አንተ ያለህበት ድርጅት ላወጣው የሒሳብ ሥራ ላመለክት አስቤያለሁ። ከማመልከቴ በፊት የክፍሉ የሥራ ጫና ምን እንደሚመስል በአሥር ደቂቃ ስልክ ብትነግረኝ ይጠቅመኛል። እንድታስገባኝ አይደለም የምጠይቅህ። ካልተመቸህ ‘አይመቸኝም’ በለኝ፤ ፈጽሞ አልቀየምም። ለ9 አካፍይው ያልከኝን ግን ዛሬም እጠቀምበታለሁ።»

ጥያቄው ከላይ ነው፤ ሰውየው ማንበብ ሲጀምር ለምን እንደተጻፈለት ያውቃል። ትዝታው መጨረሻ ላይ መምጣቱም በምክንያት ነው። ከፊት ቢቀድም ኖሮ ለጥያቄው ማለስለሻ ይመስል ነበር። የጠየቀችው መረጃ እንጂ ውለታ አይደለም። ለዓመታት ያላያት ሰው ስለ ዛሬ ሥራዋ ሊመሰክርላት አይችልም፤ ስለ ክፍሉ ግን የሚያውቀውን ሊነግራት ይችላል። «አይሆንም» የሚልበትን ቃልም ራሷ ሰጥታዋለች።

ብድር፣ ዋስትና፣ ሸቀጥ መሸጥ ወይም አባል ማድረግ ከሆነ ጉዳያችሁ፣ ለዚህ ዓይነት ትውውቅ አታምጡት። በግልጽ ብትጽፉትም ሰውየው እምቢ ለማለት ይቸገራል። እሺ ቢላችሁም ከዚያ በኋላ ከእናንተ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ያስፈራዋል።

ከረዳችሁ በኋላ አንድ መልእክት ይቀራችኋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። «አመሰግናለሁ» ማለት በዚያው ዕለት ነው። እኔ የምለው ውጤቱን ስለ መንገር ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ አመለከተች፣ ለፈተና ተጠራች፣ ሌላ ሰው ተመረጠ እንበል። ውጤቱን በሰማች ሳምንት ሳይሞላት ትጽፍለታለች፦ «አልተመረጥኩም፤ ግን ስለ ዓመት መዝጊያው የነገርከኝን ፈተናው ላይ ጠይቀውኝ በደንብ መለስኩ። ስለ ጊዜህ አመሰግናለሁ።» አዲስ ጥያቄ አትጨምርበትም፤ «ሌላ ቦታ ካለ አስታውሰኝ» እንኳን አትልም። እሱ ራሱ ካስታወሳት ያስታውሳታል።